የትንሽ አፓርታማ ፎቶ፦ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ብርሃን፣ የት ቆሞ?

ስቱዲዮ ወይም ባለ አንድ መኝታ ቤት ለማከራየት ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሦስት ምርጫዎች ይጠብቁታል፤ የት ልቁም፣ መብራት ላብራ ወይስ ላጥፋ፣ በስንት ሰዓት ልምጣ የሚሉ ናቸው። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከመቆሚያው ነው፤ ቤቱ ሰፋ ብሎ የሚታይበትን ጥግ ይፈልግና ብርሃኑን እንደተገኘ ይቀበላል። እኔ የምመክረው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ትንሽ ቤት ብርሃን የሚያገኘው በአብዛኛው በአንድ ወይም በሁለት መስኮት ብቻ ስለሆነ፣ መስኮቱ የሚያይበት አቅጣጫ ሰዓቱን ይወስናል፤ ሰዓቱ መብራት ማስፈለግ አለማስፈለጉን፣ ብርሃኑ የሚመጣበት ጎን ደግሞ የምንቆምበትን ቦታ ይወስናል። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በዚህ ቅደም ተከተል የሚሄድ ሲሆን፣ የተጻፈውም ከስልክ ሌላ መሣሪያ ለሌለውና በልደታ፣ በሜክሲኮ፣ በሰንጋ ተራ ወይም በካዛንቺስ አካባቢ ያለ የፎቅ ቤት ለሚያነሳ ሰው ነው።

ጠዋት፣ ቀትር ወይስ ከሰዓት በኋላ?

ፀሐይ በቀጥታ ወደ ክፍሉ ስትገባ ለዓይን ደስ ይላል፤ ለካሜራ ግን ከሁሉ የከፋው ሰዓት ያ ነው። ወለሉ ላይ ያረፈው የፀሐይ ቁራጭና የክፍሉ ጥግ በብርሃን መጠን እጅግ ስለሚራራቁ ስልኩ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መያዝ ይቸግረዋል። ለጥጉ ሲያደላ ፀሐይ ያረፈበት ሴራሚክና መስኮቱ ነጭ ሆነው ይጠፋሉ፤ ለመስኮቱ ሲያደላ ደግሞ ሶፋውና ቁም ሳጥኑ ይጨልማሉ። ዘመናዊ ስልኮች የተለያየ ብርሃን ያላቸውን ብዙ ምስሎች አጣምረው ልዩነቱን ለማጥበብ ቢሞክሩም፣ ልዩነቱ ሲበዛ ግድግዳው ግራጫ፣ የመስኮቱ ዙሪያ ደግሞ ጭጋግ የወረደበት ይመስላል። ስለዚህ የአንድ ክፍል ትክክለኛ ሰዓት ፀሐይዋ ከሕንፃው ማዶ ያለችበት ሰዓት ነው። መስኮቱ ያን ጊዜ የሚያየው ብሩህ ሰማይና ፀሐይ የመታቸውን የፊት ለፊት ቤቶች ስለሚሆን፣ የሚገባው ብርሃን ብዙ ቢሆንም ለስላሳ ነው።

ወደ ምዕራብ የሚያይ ሳሎን እንግዲህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ድረስ ቢነሳ ይሻላል። ወደ ምሥራቅ የሚያይ መኝታ ቤት ደግሞ ጠዋት በፀሐይ የተሞላ ስለሆነ ከ6 ሰዓት በኋላ ነው የሚመቸው። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው «ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንሳ» የሚለው ምክር ለሕንፃው የውጭ ገጽታ እንጂ ለክፍል ውስጥ አይሠራም፤ በተለይ ምዕራብን በሚያይ ቤት ውስጥ ከ11 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ እስከ ውስጠኛው ግድግዳ ድረስ ስለምትዘልቅ፣ ክፍሉ ግማሹ ብርቱካናማ ግማሹ ጥቁር ይሆናል።

ስለ ቀትር ለየት ያለ ሐሳብ አለኝ። ቀትር ለፎቶ መጥፎ ነው የሚባለው ለሰው ፊትና ለውጭ ዕይታ ነው፤ ብርሃኑ ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ ከዓይንና ከጣሪያ ክፈፍ ሥር ጥቁር ጥላ ይፈጥራል። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይዋ በቀትር ከአናታችን ብዙም አትርቅም፤ ከፍ ያለችበት ቅጽበትም እንደ ወቅቱ ከ6 ሰዓት ከ10 እስከ 6 ሰዓት ከ40 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። በዚያ ሰዓት በምሥራቁም በምዕራቡም መስኮት ቀጥተኛ ፀሐይ እምብዛም አይገባም። አንድ ክፍሉ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ምዕራብ የሚያይ ቤት ይዞ አንድ ጊዜ ብቻ መምጣት የሚችል ሰው፣ ሁለቱንም በእኩል ብርሃን የሚያነሳው በቀትር ነው።

ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚያዩ መስኮቶች ጉዳያቸው በወሩ ይለያያል። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀሩት ወራት በደቡብ በኩል ናት። ስለዚህ ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል ከጥቅምት እስከ የካቲት ቀኑን ሙሉ ለስላሳ ብርሃን ያገኛል፤ በእነዚህ ወራት እንዲህ ያለ ቤት የያዘ ሰው ስለ ሰዓት ብዙም መጨነቅ አይኖርበትም። ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት በአንጻሩ በኅዳርና በታኅሣሥ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ይነካካዋል። በታኅሣሥ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከአድማስ 58 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለምትል በባዶ መስኮት ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ትገባለች፤ ከፊቱ በረንዳ ካለ ግን የላይኛው ፎቅ በረንዳ ስለሚከልላት ፀሐይዋ ደጅ ትቀራለች። ስለዚህ የደቡብ ክፍል በረንዳ ካለው በቀትር፣ ከሌለው ደግሞ ስስ ነጭ መጋረጃ ተጋርዶበት ቢነሳ ይመረጣል። ወፍራሙ መጋረጃ ግን ሙሉ በሙሉ ወደ ዳር መሰብሰብ አለበት፤ የመስኮቱን ጠርዝ እንኳ የሚሸፍን ከሆነ የሚገባውን ብርሃን ይቀንሳል።

በክረምት ጥያቄው ከአቅጣጫ ይልቅ የደመና ነው። ደመና የሸፈነው ሰማይ ከየአቅጣጫው እኩል ብርሃን ስለሚሰጥ መስኮቱ አይነጣም፤ ጥላም አይከብድም። ጉዳቱ የክፍሉ ጥግ መጨለሙና በመስኮት የሚታየው ሰማይ ግራጫ መሆኑ ነው። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚጠነክር፣ በሐምሌና በነሐሴ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ያለውን ጊዜ መምረጥ ይበጃል፤ ግራጫውን ሰማይ ደግሞ መስኮቱን በምስሉ ጠርዝ ላይ በማድረግ መቀነስ ይቻላል።

ከሰዓቱ ጋር መታየት ያለበት ሌላው ነገር ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ነው። በመሀል ከተማ ብሎኮች ስለሚቀራረቡ ፀሐይ የመታው የጎረቤት ግድግዳ ራሱ እንደ መብራት ያገለግላል፤ ነጭ ወይም ክሬም ከሆነ ስጦታ ነው። ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከተቀባ ግን ቀለሙን ወደ ክፍሉ ይልካል፤ ነጩ ኮርኒስ ቢጫ፣ ነጩ አንሶላ አረንጓዴ መስሎ ይታያል። ይህን ለማወቅ ነጭ ወረቀት መስኮቱ አጠገብ ይዞ በስልኩ ማየት ይበቃል። ወረቀቱ ቀለም ከያዘ፣ ፀሐይ ያንን ግድግዳ ትታ የምትሄድበትን ሰዓት መጠበቅ በኋላ በማስተካከያ ቀለሙን ለማጥፋት ከመልፋት ይሻላል።

መብራት ማብራት ወይስ ማጥፋት?

እዚህ ላይ ሁለት የተለመዱ አስተያየቶች ይጋጫሉ፤ አንዱ «ሁሉንም አብራ፣ ቤቱ ይድመቅ» ይላል፤ ሌላው «ሁሉንም አጥፋ፣ የተፈጥሮ ብርሃን ይበቃል» ይላል። መልሱ ግን ኮርኒሱ ላይ ባለው አምፖል ቀለም ላይ ይመሠረታል። በየሱቁ የሚሸጡት ነጭ የኤልኢዲ አምፖሎች ካርቶናቸው ላይ ብዙ ጊዜ 6500 ኬልቪን የሚል ጽሑፍ አላቸው፤ ይህ ለቀን ብርሃን የቀረበ ቀለም ስለሆነ በቀን ቢበራ ከመስኮቱ ብርሃን ጋር ይስማማል፤ የጨለመውንም ጥግ ይሞላል። ቢጫዎቹ ግን 3000 ኬልቪን ወይም ከዚያ ያነሱ ስለሆኑ፣ በቀን ሲበሩ በመስኮቱ በኩል ያለው ግድግዳ ሰማያዊ፣ በአምፖሉ በኩል ያለው ብርቱካናማ ይሆናል። ስልኩ ነጭ የሚያደርገው አንዱን ብቻ ስለሆነ ይህ ቅይጥ በኋላ ሊስተካከል አይችልም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በቀን ነጩን ማብራት፣ ቢጫውን ማጥፋት ነው። አንዱ ክፍል ነጭ፣ ሌላው ቢጫ ካለው፣ ሳሎኑ ሲነሳ በክፍት በር በኩል የሚታየውንም አምፖል ማጥፋት ያስፈልጋል።

ቢጫው አምፖል የሚያምርበት ጊዜ ሲመሽ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ ጥቂት ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ የውጭው ብርሃን እየቀነሰ መጥቶ ከውስጡ መብራት ጋር እኩል ይሆናል፤ መስኮቱ አይነጣም፣ ክፍሉም አይጨልምም፣ የከተማው መብራትም በመስኮቱ ይታያል። እኛ ዘንድ ይህ ጊዜ አጭር ነው፤ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ከጠለቀች ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሰማዩ ይጠቁራል። ፀሐይ የምትጠልቀው እንደ ወቅቱ ከ12 ሰዓት ከ5 እስከ 12 ሰዓት ከ50 ባለው ጊዜ ስለሆነ ቀደም ብሎ ቦታ ይዞ መጠበቅ ያስፈልጋል። ብርሃኑ ስለሚቀንስ ስልኩ በእጅ ከተያዘ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ከሌለ በመጻሕፍት መደርደሪያ ወይም በወንበር መደገፊያ ላይ አስደግፎ በሦስት ሰከንድ ቆጣሪ ማንሳት ያስፈልጋል። መብራት ሊጠፋ እንደሚችልም ማሰብ አለብን፤ ስለዚህ የምሽቱ ፎቶ ተጨማሪ እንጂ ዋናው መሆን የለበትም።

አንዳንድ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎች በ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ ላይ በሰከንድ መቶ ጊዜ ይርገበገባሉ። ዓይን አያየውም፤ ስልኩ ላይ ግን ጠቆር ያሉ አግድም መስመሮች ሲንሸራተቱ ይታያሉ። መስመሮቹ ከታዩ አምፖሉን ማጥፋት ወይም በሌላ መተካት ነው እንጂ ደጋግሞ ማንሳት ዋጋ የለውም። የስልኩ ፍላሽ ደግሞ በምንም ሁኔታ አይመከርም፤ የቅርቡን ወንበር አንጥቶ የሩቁን ግድግዳ ያጨልማል፤ በሴራሚክና በቁም ሳጥን መስታወት ላይም ነጭ ነጥብ ይተዋል።

የት መቆም፣ በየትኛው ሌንስ?

ስልኮች በአብዛኛው ሁለት የሚያገለግሉ ሌንሶች አሏቸው፤ ስክሪኑ ላይ 1x ተብሎ የሚታየው ዋናው ሌንስና 0.5x የሚለው ሰፊው ሌንስ ናቸው። ከግድግዳ 2 ሜትር ተኩል ርቆ የቆመ ሰው ስልኩን በአግድም ሲይዝ፣ በዋናው ሌንስ ወደ 3.3 ሜትር ስፋት ያለው ግድግዳ ያያል፤ በሰፊው ሌንስ ደግሞ የዚህን እጥፍ ያህል ያያል። በትንሽ ቤት ውስጥ ሰፊው ሌንስ አጓጊ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ጉዳቱም እዚያው ላይ ነው። ከፊት ያለው ወለል ይረዝማል፣ የወዲያኛው ግድግዳ ይርቃል፣ በምስሉ ጠርዝ ላይ ያለ ክብ ነገር ደግሞ ሞላላ ይሆናል። ምስሉ ማጋነኑን ለማወቅ ከጠርዙ አጠገብ ያለ ምጣድ፣ ሰዓት ወይም የወንበር መቀመጫ ማየት ይበቃል። ባለ 12 ካሬ ሳሎን 20 ካሬ መስሎ በማስታወቂያ ሲወጣ፣ ከጀሞ ወይም ከአያት ታክሲ ይዞ የሚመጣ ተከራይ በሩ ላይ ቆሞ ቤቱ ይጠብበታል፤ የእሱም ገንዘብ፣ የባለቤቱም ጊዜ ይባክናል። ስለዚህ ሳሎንና መኝታ ቤት በዋናው ሌንስ እንዲነሱ፣ ሰፊው ለሽንት ቤትና መቆሚያ ለሌለው ኩሽና ብቻ እንዲውል፣ በማስታወቂያው ላይም የክፍሉ ርዝመትና ስፋት በሜትር እንዲጻፍ እመክራለሁ። ሰፊው ሌንስ በብዙ ስልኮች ላይ በደብዛዛ ብርሃን ጥራቱ ስለሚወርድም ለምሽት ፎቶ አይሆንም።

ቦታን በተመለከተ ንጽጽሩ በሦስት መቆሚያዎች መካከል ነው። የመጀመሪያው በሩ ላይ ቆሞ መስኮቱን ፊት ለፊት ማየት ነው፤ ሰው ወደ ቤት ሲገባ የሚያየውን ስለሚያሳይ እውነተኛ ስሜት ይሰጣል፤ ነገር ግን መስኮቱ በመሀል ሆኖ ዕቃዎቹ ጀርባቸው ወደ እኛ ጥላ ይሆናሉ። ሁለተኛው ከመስኮቱ አጠገብ ሆኖ ወደ ውስጥ ማየት ነው፤ ብርሃኑ ከጀርባ ስለሚመጣ ሁሉም ነገር በደንብ ይታያል፤ ይሁንና ጥላ ስለማይኖር ክፍሉ ጠፍጣፋ ይመስላል፣ መስኮት ያለው መሆኑም አይታወቅም። ሦስተኛው ከበሩ አጠገብ ካለው ጥግ ላይ ሆኖ በሰያፍ ማየት ሲሆን፣ መስኮቱ በምስሉ ግራ ወይም ቀኝ ጠርዝ ላይ ከፊሉ ብቻ ይገባል፤ ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ የሶፋው ቅርጽ፣ የግድግዳው ጥግና የወለሉ ልስላሴ ይወጣሉ። ለሳሎን ሦስተኛውን እመርጣለሁ። ስፋቱ ከ2 ሜትር ተኩል ለሚያንስ ጠባብ ክፍል ግን ሰያፉ አንድ ግድግዳ ብቻ ስለሚያሳይ፣ የመጀመሪያውን መርጦ ከደፉ ወደ ኮሪደሩ ግማሽ ሜትር ማፈግፈግ ይሻላል፤ የበሩ መቃን በምስሉ ውስጥ እንዳይገባ ብቻ መጠንቀቅ ነው።

የስልኩ ከፍታ ከመቆሚያው እኩል ለውጥ ያመጣል። ቆመን በዓይናችን ልክ ስንይዘው ወለሉን ለማስገባት ወደ ታች እናዘነብለዋለን፤ ያን ጊዜ የበሩና የቁም ሳጥኑ ቋሚ መስመሮች ወደ ታች ይጠባሉ። ከወለሉ 1.2 ሜትር ያህል ላይ፣ ማለትም በደረት አካባቢ፣ ቀጥ አድርጎ መያዝ ወለሉንና ኮርኒሱን በተመጣጠነ ልክ ያስገባል። በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ያለውን የመስመር መረብ ማብራትና የበሩን መቃን ከመረቡ ቋሚ መስመር ጋር ማስተካከል መዘንበሉን ወዲያው ይገልጠዋል። በኩሽና ውስጥ ትንሽ ከፍ ማለት ያስፈልጋል፤ ስልኩ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ገጽታ እምብዛም ካልበለጠ ሲንኩና ምድጃው አይታዩም።

አንድ ቤት ከጠዋት እስከ ማታ

በልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ አንድ መኝታ ቤት በጥር ወር ሊነሳ ነው እንበል። ሳሎኑ 3.3 በ4.2 ሜትር ሆኖ በረንዳው ወደ ምዕራብ ያያል፤ መኝታ ቤቱ 2.7 በ3 ሜትር ሆኖ መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ኩሽናው ወደ መተላለፊያው የሚከፈት ትንሽ መስኮት አለው። የቤቱ ባለቤት «ከሰዓት ፀሐይዋ ሳሎን ስትገባ ነው ቤቴ የሚያምረው፤ ያኔ ና ልጄ» ሊሉ ይችላሉ፤ ለሚኖርበት ሰው ልክ ናቸው፤ ለፎቶው ግን ሳሎኑ በጠዋት እንዲነሳ በአክብሮት ማስረዳት ይገባል።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይዋ ከሕንፃው ማዶ ስለሆነች ሳሎኑ ዝግጁ ነው። በረንዳው ላይ የተሰጣ ልብስ፣ የውሃ ጀሪካንና የጋዝ ሲሊንደር ካለ አስቀድሞ ይነሳል፤ በመስኮቱ በኩል በምስሉ ውስጥ ይገባሉና። ከበሩ አጠገብ ካለው ጥግ ተቁሞ ስልኩ በደረት ልክ ይያዛል፤ መካከለኛ ብርሃን ባለው ግድግዳ ላይ ጣትን ጫን አድርጎ በመያዝ ብርሃኑን ማስቆም፣ ከዚያም መስኮቱ ውስጥ ያለው ሕንፃ ቅርጹ እስኪታይ ጥቂት መቀነስ ነው። ጥግ ላይ ያለው ጥላ በኋላ ሊፈካ ይችላል፤ የነጣ መስኮት ግን ውስጡ ምንም ስለሌለ አይመለስም። ኩሽናው በዚሁ ሰዓት ነጩ አምፖል በርቶ ይነሳል።

መኝታ ቤቱ ይቆያል። በጥር 5 ሰዓት ላይ እንኳ ፀሐይዋ በምሥራቁ መስኮት ገብታ ወለሉ ላይ አንድ ሜትር ያህል ትደርሳለች፤ ከ5 ሰዓት ተኩል በኋላ ወደ መስኮቱ ሥር ትሰበሰብና 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ጨርሳ ትወጣለች። ክፍሉ ትንሽ ስለሆነ ከኮሪደሩ ላይ ሆኖ በዋናው ሌንስ አልጋውን ከግርጌው በኩል ማንሳት፣ አልጋው ላይም ንጹሕ ነጭ ወይም ቀለል ያለ አልጋ ልብስ ማንጠፍ ነው፤ ሰፊው ሥፍራ አልጋው ስለሆነ የክፍሉን ብርሃን የሚመልሰውም እሱ ነው።

የሕንፃው ምዕራባዊ ገጽታና በረንዳው የሚነሱት 10 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ለውጭ ገጽታ ደንቡ ተቃራኒ ስለሆነ ፀሐይዋ ግድግዳውን መምታት አለባት። በጥር አጋማሽ ፀሐይ 12 ሰዓት ከ25 ገደማ ስለምትጠልቅ፣ የሳሎኑ የምሽት ፎቶ ከተፈለገ ከ12 ሰዓት ከ35 እስከ 12 ሰዓት ከ45 ባለው ጊዜ ይነሳል። የቤቱ ባለቤት ይህን ያህል መመላለስ ካልፈቀዱ 6 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ጊዜ ገብቶ መኝታ ቤቱን፣ ሳሎኑንና ኩሽናውን በተከታታይ መጨረስ ይቻላል፤ የሚቀረው የውጭ ገጽታው ብቻ ነው።

ለማስታወቂያው ስድስት ወይም ሰባት ፎቶ ይበቃል። በሳሎኑ ሰያፍ ፎቶ ተጀምሮ ሰው በቤቱ ውስጥ በሚሄድበት ቅደም ተከተል ይደረደራል። ለደላላው በቴሌግራም ሲላክ በፋይል መልክ መላክ ይገባል፤ እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ መተግበሪያው ስለሚያሳንሰው፣ ደላላው በየቻናሉ ሲያስተላልፈውና ሌላው ከስክሪኑ ቀድቶ ሲለጥፈው ጥራቱ ይበልጥ እየወረደ ይሄዳል።